ለሻወርና ለክፍል መከለያ መጋረጃ፦ ወጥሮ የሚቆም ዘንግ ወይስ ጣሪያ ላይ የሚታሰር ሐዲድ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መጋረጃ መስፋትና መስቀል የዕለት ሥራዬ ነው። ደንበኞቼ አብዛኞቹ በጅማ ከተማ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ይዘው የሚኖሩ ሰዎች ሲሆኑ፣ ጉዳያቸው ከሁለቱ አንዱ ነው፦ ወይ ሻወሩን ከሽንት ቤቱ መቀመጫ የሚለይ መጋረጃ ይፈልጋሉ፣ ወይ አልጋቸውን ከእንግዳ ዓይን የሚከልል። የሚከተሉት ጥያቄዎች በሱቁም፣ በመሰላሉም ሥር በየጊዜው የሚነሱ ናቸው።

ሁለቱ በምን ይለያያሉ?

ወጥሮ የሚቆም ዘንግ ማለት አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ የሁለት ቱቦዎች ጥምር ሲሆን፣ ውስጡ ሞላ ወይም የሚጠመዘዝ ጥርስ አለው፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ደግሞ የጎማ ቆብ ይደረግለታል። በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ገብቶ ወደ ሁለቱም ወገን ይገፋል፤ የሚያቆመውም ይኸው ግፊት በጎማውና በግድግዳው መካከል የሚፈጥረው ሰበቃ ብቻ ነው። ቪቴ የለውም፣ ፊሸር የለውም፣ ድሪልም አይፈልግም።

ሐዲዱ ግን ከአሉሚኒየም ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ሆዱ ክፍት የሆነ ረጅም ዘንግ ሆኖ በቪቴ ጣሪያው ላይ ይታሰራል፤ የመጋረጃው መንጠቆዎችም በሆዱ ውስጥ ይንሸራተታሉ። ሸክሙ የሚወርደው በግድግዳው ላይ ሳይሆን በጣሪያው ላይ፣ ያውም ቪቴውን ወደ ታች በሚነቅል አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ደንበኛ ‹‹የትኛው ይሻላል?›› ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ዕቃው አይደለም። ግድግዳው ምንድን ነው? ኮርኒሱስ ከምን ተሠራ? የሚለውን ነው።

ለሻወር ቤት የትኛውን ይመክራሉ?

ሻወሩ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ከ1 ሜትር ከ50 የማይበልጥ ከሆነ፣ ግድግዳዎቹም ብሎኬት ሆነው ሴራሚክ የለበሱ ከሆኑ፣ ዘንጉን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። በአብዛኛው የኪራይ ቤት ሻወሩና መቀመጫው በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጎራብተው የሚገኙ በመሆኑ ርቀቱ ብዙ ጊዜ ከዚህ አያልፍም። የሻወር መጋረጃ ደግሞ በራሱ ቀላል ነው፤ 1 ሜትር ከ80 በ1 ሜትር ከ80 የሆነ ስስ መጋረጃ ደረቅ ሳለ ግማሽ ኪሎ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ዘንጉን የሚጥለው ይህ ክብደት አይደለም። የሚጥለው በአንድ እጅ መጋረጃውን የሚጎትት ሰው፣ ሳሙና አንሸራቶት መጋረጃውን የሚጨብጥ ሰው፣ እንዲሁም ከጎማው ሥር የገባው የሳሙና ውሃ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ፤ የሻወር መጋረጃ ዘንግ የእጅ መደገፊያ አይደለም። በቤቱ ውስጥ አረጋዊ ወይም እግሩ የሚከዳው ሰው ካለ፣ ግድግዳው ላይ በብሎን የተመታ መያዣ ብረት ለብቻው ሊደረግለት ይገባል። መጋረጃው በዘንግ ይሰቀል በሐዲድ፣ ሰው ሊደገፍበት አይገባም።

ዘንጉን ገዝቼ አስገባሁት፤ በሳምንቱ ወደቀ። ምን አጠፋሁ?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚደጋገም ጥያቄ ነውና ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

የመጀመሪያው ስሕተት የሚፈጸመው ገና በሱቅ ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ትልቁ ርዝመት ዘንጉ ሊደርስበት የሚችለው ዳርቻ እንጂ በደኅና የሚሠራበት ልክ አይደለም። ዘንጉ በሙሉ ተስቦ ሲወጣ ቀጭኑ ቱቦ በወፍራሙ ውስጥ የሚቀረው ትንሽ ብቻ ስለሚሆን መጋጠሚያው ላይ ይላወሳል፣ ይጎብጣልም። የሻወርዎ ስፋት 1 ሜትር ከ20 ከሆነ ቢያንስ እስከ 1 ሜትር ከ40 የሚረዝመውን ይግዙ።

ሁለተኛው በአገባብ የሚፈጠር ነው። ሞላ ያለውን ዘንግ ከክፍተቱ ሁለት ወይም ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል አስረዝመው፣ ጨምቀው ካስገቡ በኋላ መልቀቅ ነው፤ ከክፍተቱ ልክ ጋር እኩል ከሆነ ሞላው የሚገፋበት ጉልበት አይኖረውም። የሚጠመዘዘውን ዓይነት ደግሞ ጎማዎቹ ግድግዳውን እስኪነኩ ካስረዘሙት በኋላ አንዱን ቱቦ ይዘው ሌላውን ያጠብቁ። ሁለቱም ጫፎች በአንድ ከፍታ መሆን አለባቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከወለሉ ለክቶ ይሳሳታል፤ የሻወር ወለል ውሃው እንዲወርድ ወደ ማፍሰሻው ስለሚያዘቀዝቅ፣ በሁለቱም ወገን ከወለል 2 ሜትር ቢለኩ ዘንጉ ተንጋዶ ይቆማል። ሴራሚኩ በትክክል የተነጠፈ ከሆነ የፉጋው መስመር ከሜትር ይበልጥ ታማኝ ነው፤ ካጠራጠረዎ ውሃ ልክ ያስቀምጡበት።

ሦስተኛው ጎማው የሚያርፍበት ቦታ ነው። ጎማው ሙሉ በሙሉ በአንድ ሴራሚክ ላይ ይረፍ እንጂ ግማሹ በፉጋው ላይ አይሁን፤ በፉጋው ጎድጓዳ በኩል ውሃ ከሥሩ ይገባልና። ከመግጠምዎ በፊትም ቦታውን በሆምጣጤ ወይም በአልኮል ጠርገው ያድርቁት። ዓይን የማያየው ስስ የሳሙና ሽፋን በሴራሚክ ላይ ጎማን ወደ በረዶ መንሸራተቻ ይለውጠዋል። ሴራሚኩን ደግሞ በጣትዎ ኩርኩም ይምቱት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከጀርባው ሲሚንቶ አልያዘም ማለት ነው፤ እዚያ ላይ አጥብቀው ቢገፉት ሊሰነጠቅ ስለሚችል ቦታ ይለውጡ።

አራተኛው የብዙ ሰው ስንፍና ነው፤ እኔንም ጨምሮ። አዲስ ጎማ ሲጨመቅ ቀስ በቀስ ስለሚተኛ ዛሬ የጠበቀው ዘንግ ነገ ትንሽ ይላላል። ስለዚህ በማግስቱ አንድ ጊዜ፣ በሳምንቱ ሌላ ጊዜ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል። እኔ ሥራዬን ስጨርስ በጎማው ዙሪያ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ክብ አሰምርለታለሁ። ጎማው ከክቡ በ2 ሚሊ ሜትር እንኳ ዝቅ ካለ ዘንጉ መንሸራተት ጀምሯል ማለት ነው። ዘንግ በድንገት የሚወድቅ ይመስላል እንጂ ከመውደቁ በፊት ቀናት ወስዶ ይወርዳል፤ ሰው ግን ቀና ብሎ አያየውም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም የሚንሸራተት ከሆነ፣ ከጎማው ሥር የሚሆን ትንሽ ግማሽ ክብ የፕላስቲክ መቀመጫ በሲሊኮን ግድግዳው ላይ ማጣበቅ ይቻላል። ሲሊኮኑ አንድ ቀን ሙሉ ሳይደርቅ ዘንጉን አያስቀምጡበት።

ግድግዳዬ ጭቃ ነው። ዘንግ ይይዛል?

እንዲሁ ከተገፋበት አይይዝም፤ ቢይዝም ግድግዳውን ይጎዳል። አጥብቆ የተወጠረ ዘንግ 20 ኪሎ የሚያህል ሸክም ጎን ለጎን እንደ መግፋት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሁሉ የሚቀበለው ከሻይ ብርጭቆ አፍ ያነሰ ጎማ ነው። በጭቃ ቤት ላይ ያለው ልስን በማገሩ መካከል ባለው ቦታ ለዚህ አልተሠራም። መጀመሪያ ይሰረጉዳል፣ ቀጥሎ በዙሪያው እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻ ልስኑ ከነቀለሙ ተሸርፎ ይወርዳል። ዘንጉም አብሮ።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ግድግዳውን በጣትዎ እየኳኩ የቋሚውን እንጨት ቦታ ይፈልጉ፤ ጭቃው ባለበት ድምፁ የታፈነ ሲሆን እንጨቱ ባለበት ጠንከርና ቀጠን ይላል። የጎማው ቦታ እዚያ ላይ ይሁን። ሁለተኛ፣ በጎማውና በግድግዳው መካከል 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ያስገቡ፤ ያው ግፊት ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚከፋፈል ልስኑ አይሰረጎድም። ጣውላው ላይ ያረፈው ጎማ እንዳይንሸራተት ከታቹ በኩል ትንሽ ሊስቴሎ በምስማር ይመታለታል።

ከጭቃው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ክፍልን ለሁለት ለመሸንሸን በቺፕውድ ወይም በኮምፔርሳቶ የተሠራው ስስ ግድግዳ ነው። ዘንጉን ሲያጠብቁት ‹‹ያዘ›› የሚል ስሜት አይመጣም፤ ባጠበቁ ቁጥር ግድግዳው ወደ ጎረቤት ክፍል እየጎበጠ ይሄዳል። በሩ በኃይል ሲዘጋ ግድግዳው ይርገበገባል፣ ዘንጉም ይወርዳል። በእንደዚህ ያለ ቤት ዘንጉን ይተዉት።

አልጋዬን ለመከለል ሦስት ሜትር የሚደርስ ዘንግ አለ ተባልሁ። ለምን አይሆንም?

በቅርቡ የሠራሁትን ቤት ልንገርዎት። በቆጪ በኩል ከግቢ ውስጥ ያለ፣ ወርዱ 3 ሜትር ከ10፣ ቁመቱ 4 ሜትር ከ20 የሆነ አንድ ክፍል ነው። ተከራይዋ አልጋዋ ከበሩ እንዳይታይ ክፍሉን በወርዱ በመጋረጃ መክፈል ፈለገች፤ አቧራና ብርሃን የማያሳልፍ ወፈር ያለ ጨርቅም ከሐሙስ ገበያ ገዝታ ጠበቀችኝ፤ ዘንጉንም አብራ ገዝታ ነበር።

ሒሳቡን አብረን ሠራነው። መጋረጃ ሽንሽኑ ደርባባ እንዲሆን ጨርቁ የክፍተቱን እጥፍ መሆን አለበት፤ ስለዚህ 6 ሜትር ከ20 በ2 ሜትር ከ40፣ ማለትም ወደ 15 ካሬ ሜትር ጨርቅ ነው። የእሷ ዓይነት ጨርቅ በካሬ ሜትር 300 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ጠቅላላው ወደ 4 ኪሎ ተኩል ይደርሳል። የሻወሩን መጋረጃ ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው።

ክብደቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ርዝመቱ ይብሳል። በአንድ ሜትር ላይ የተንጠለጠለው ክብደት እኩል ሆኖ ሳለ የዘንጉ ርዝመት እጥፍ ሲሆን፣ መሐሉ ላይ የሚጎብጠው በእጥፍ ሳይሆን በ16 እጥፍ ነው። ቀጭኑ ቱቦው 22 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ብረቱም ስስ የሆነ የተለመደ ዘንግ በ3 ሜትር ላይ ይህን መጋረጃ ቢሸከም መሐሉ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጎብጣል፤ የመጋጠሚያው ልልነት ሲጨመርበት ከዚያም ያልፋል። የመልኩ ነገር ይቅር ቢባል እንኳ፣ ዘንጉ ሲጎብጥ ጫፎቹ ያዘነብላሉ፤ ጎማው በሙሉ ፊቱ ግድግዳውን መግፋቱ ቀርቶ በአንድ ጠርዙ ብቻ ይነካዋል። በዚህ ላይ መጋረጃው ሲከፈት ጨርቁ በሙሉ ወደ አንድ ጫፍ ይሰበሰብና 4 ኪሎ ተኩሉ በዚያው ጎማ ላይ ያርፋል። የሷ አንዱ ግድግዳ ደግሞ ጭቃ ነበር። ዘንጉን መለሰችው።

እኔ የምጠቀምበት ልክ ይህ ነው፦ ስስ ጨርቅ ከሆነ እስከ 2 ሜትር፣ ወፍራም ከሆነ እስከ 1 ሜትር ተኩል በዘንግ፤ ከዚያ ካለፈ በሐዲድ።

ሐዲዱ ኮርኒስ ላይ ይታሰራል ማለት ቺፕውዱ ላይ ነው?

አይደለም። ቺፕውዱ ሽፋን ነው። የሚይዘው ከላዩ ያለው ሞራሌ ነው።

ይህን የተማርሁት በገዛ ስሕተቴ ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ላይ አንድ ቤት ሞራሌውን መፈለግ ታክቶኝ፣ ‹‹ቪቴውን ካበዛሁት ይይዛል›› ብዬ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ቺፕውዱ ላይ ብቻ መታሁት። ለጊዜው ያዘ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ልጅ መጋረጃውን ሲጎትት አንዱ ቪቴ ተነቀለ፤ የእሱ ሸክም ወደ ቀጣዩ ተላለፈ፣ እሱም ተነቀለ፤ ሐዲዱ እንደ ዚፕ ከዳር እስከ ዳር ተከፈተ። 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ቺፕውድ ውስጥ ቪቴ የሚነክሰው ጥቂት ጥርስ ብቻ ነው፤ ቁጥሩን ማብዛት መነቀሉን አያስቀረውም። ኮርኒሱን በራሴ ገንዘብ አስጠገንሁ።

ሞራሌውን ለማግኘት መጀመሪያ ሊስቴሎውን ይመልከቱ፤ የቺፕውዶቹን መጋጠሚያ የሚሸፍነው ሊስቴሎ ካለበት በላይ ምንጊዜም ሞራሌ አለ፤ ሁለቱ ሰሌዳዎች የተመቱት በእሱ ላይ ነውና። በመካከል ያሉትን ደግሞ በቀለሙ ሥር በመስመር የሚታዩት የምስማር ራሶች ያመለክታሉ፤ የእጅ ባትሪ ከጎን ቢያበሩባቸው ጥላቸው ይወጣል። ቦታውን ከገመቱ በኋላ በቀጭን ምስማር ይፈትሹ፤ ምስማሩ በአንዴ ዘው ካለ ባዶ ነው፣ ከቺፕውዱ በኋላ እንደገና ከተያዘ ሞራሌ ነው። ሞራሌው 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስፋት ያለው ስለሆነ ሁለቱንም ጠርዞቹን በምስማር አግኝተው መሐሉን ያስምሩ። የሚፈተሸው ቀዳዳ ሐዲዱ በሚሸፍነው መስመር ላይ ይሁን።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሞራሌዎቹ በየት አቅጣጫ ሄደዋል የሚለው ነው። ሐዲዱን የሚያቋርጡ ከሆኑ በየመተላለፊያቸው ቪቴ ይመታል። አጎራባቾቹ ሞራሌዎች ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ የማይራራቁ ከሆነ በቂ ነው። ሐዲዱ ከሞራሌዎቹ ጋር አብሮ የሚሄድ ከሆነ ግን መጋረጃው የሚቆመው እርስዎ በፈለጉበት ሳይሆን ሞራሌው ባለበት ነው።

የቆጪዋ ቤት ይኸው ገጠማት። እሷ መጋረጃውን ከበሩ ግድግዳ 2 ሜትር ከ50 ላይ ፈልጋው ነበር፤ ሞራሌዎቹ የተገኙት 2 ሜትር ከ10ና 2 ሜትር ከ90 ላይ፣ ከሐዲዱ ጋር ትይዩ ሆነው ነው። ቤቱ አሮጌ ስለነበረ የሚያገናኛቸው አግዳሚ አልነበረም። የነበረን አማራጭ 90 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ስድስት ጣውላዎችን ከሞራሌ ወደ ሞራሌ ከኮርኒሱ በታች መምታትና ሐዲዱን በእነሱ ላይ ማሰር፣ ወይም መጋረጃውን ወደ አንዱ ሞራሌ ማዛወር ነበር። ጣውላዎቹ ጣሪያውን እንደ መሰላል ያስመስሉታል፤ እውነቱን ለመናገር አልወደድኋቸውም። ወደ 2 ሜትር ከ10 ብናመጣው የእንግዳው ቦታ ይጠባል። 2 ሜትር ከ90 ላይ ካደረግነው ከመጋረጃው በስተጀርባ 1 ሜትር ከ30 ይቀራል፤ አልጋዋ 1 ሜትር ከ20 ስለሆነ የሚተርፈው 10 ሴንቲ ሜትር ነው። እሷ ‹‹ጨርቅ እኮ ነው፤ ጉልበቴ ሲነካው ይሸሻል›› ብላ ይህን መረጠች። ትክክል ነበረች፤ መከለያው ግድግዳ ቢሆን ኖሮ አልጋው ጫፍ ላይ መቀመጥ አይቻልም ነበር።

ሐዲዱ በአንድ ሞራሌ ሥር ከዳር እስከ ዳር ስለ ሄደ የመጀመሪያውን ቪቴ ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ የቀሩትንም በየ50 ሴንቲ ሜትሩ መታሁ፤ በድምሩ ሰባት። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 4 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የእንጨት ቪቴ 8 ሚሊ ሜትሩን ቺፕውድና ሐዲዱን አልፎ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ሞራሌው ውስጥ ይነክሳል። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ በ2 ሚሊ ሜትር ተኩል መብሻ አስቀድሞ መብሳት ይገባል። ከመስቀሌ በፊት 5 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን በመሐሉ ላይ በገመድ አንጠልጥዬ አንድ ሰዓት አቆየሁት፤ በቪቴዎቹ ራስ ሥር የፀጉር ያህል ክፍተት ብትታይ ኖሮ እንደገና እፈታው ነበር።

ኮርኒስ የሌለው የኮንክሪት ጣሪያ ቢሆንስ?

በ6 ሚሊ ሜትር መብሻ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ተበስቶ ፊሸር ይገባበታል። ድሪሉ የሚመታ ዓይነት ሊሆን ይገባል። ከሥሩ ቆመው ወደ ላይ ሲበሱ አቧራው ፊት ላይ ስለሚወርድ መነጽር ያድርጉ፤ ቀዳዳውን ከአቧራው አጽድተው ፊሸሩን ያስገቡ፤ አቧራ የሞላበት ቀዳዳ ውስጥ ፊሸሩ አብሮ ይዞራል።

በኮንዶሚኒየም ቤቶች ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ። በብዙዎቹ ጣሪያው ወጥ ኮንክሪት ሳይሆን በኮንክሪት ቢሞች መካከል የተደረደረ ባዶ ብሎኬት ነው። መብሻው ጥቂት እንደ ገባ ድንገት ዘው ካለብዎ የብሎኬቱ ሆድ ውስጥ ነዎት፤ ተራ ፊሸር እዚያ አይጠብቅም። ወደ ጎን እያሉ ቢሙን መፈለግ ወይም ከውስጥ ክንፉን የሚዘረጋውን ማሰሪያ መጠቀም ነው። ከመብራቱ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው በሚሄደው መስመር ላይ በፍጹም አይብሱ፤ ከመብሳትዎ በፊትም መብራቱን ከቆጣሪው ያጥፉ።

ሻወሬ ጥግ ላይ ነው፤ መጋረጃው በሁለት ወገን መዞር አለበት።

ያኔ ዘንግ አይሆንም። ዘንግ የሚቆመው ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ግድግዳዎች ሲኖሩ ብቻ ነው። የሚታጠፍ ሐዲድ ያስፈልግዎታል፤ መታጠፊያው አካባቢ በግራም በቀኝም አንዳንድ ቪቴ ይጨመርበት፤ መንጠቆው የሚጎተተውና የሚቀረቀረው እዚያ ላይ ነው።

ሐዲዱን ሻወር ቤት ውስጥ ብጠቀም ርጥበቱ አያበላሸውም?

አሉሚኒየሙ አይበላሽም፤ የሚበላሸው የተሰቀለበት ነው። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ በክረምት ወራት የሻወር ቤት ኮርኒስ ለቀናት ሳይደርቅ ይቆያል። ቺፕውድ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅም ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ ተራ ብረት ቪቴም በዝገት ይበላል፣ በኮርኒሱም ላይ ቡናማ እንባ ያፈሳል። ስለዚህ የማይዝግ ቪቴ ይግዙ። ከቪቴው ራስ ዙሪያ ቀለሙ ካበጠ ወይም ጥቁር የሻጋታ ነጥብ ከታየ፣ መጋረጃውን አውርደው የሐዲዱን ጫፍ ወደ ታች በእጅዎ ሳብ አድርገው ይሞክሩት።

ዘንጉም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ውሃ በሁለቱ ቱቦዎች መጋጠሚያ ገብቶ ኒኬል የተቀባውን ብረት ከውስጥ ያዝገዋል። የማይዝግ ብረት ወይም አሉሚኒየም የሆነውን ይምረጡ፤ ወፍራሙ ቱቦ ከሻወሩ ራስ በኩል እንዲሆን ያድርጉ፣ መጋጠሚያው ከውሃው ይርቃልና።

መጋረጃው እስከ ጣሪያ ሲደርስ ክፍሉ አይጨልምም?

ይጨልማል። አንድ መስኮትና አንድ አምፖል ባለው ክፍል ውስጥ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚዘጋ ወፍራም መጋረጃ የአልጋውን ወገን ቀን በቀን ሌሊት ያደርገዋል። ለዚህ ሲባል ወደ ዘንግ መመለስ አያስፈልግም፤ ከመጋረጃው ላይኛው ክፍል 30 ሴንቲ ሜትር ያህሉን በስስ መረብ ጨርቅ እሰፋዋለሁ፤ ክብደቱንም ይቀንሳል። በሻወር ቤት ደግሞ መጋረጃው እስከ ጣሪያ ከዘጋ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። ሐዲዱ ጣሪያ ላይ ቢሆንም መጋረጃውን በአጭር ሰንሰለት 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ ማንጠልጠል ይቻላል፤ በዚህም መደበኛውን 1 ሜትር ከ80 መጋረጃ መጠቀም ይመቻል።

አከራዬ ምንም ቀዳዳ አይፈቅዱም። መጋረጃውስ ሦስት ሜትር ነው።

ጭቅጭቁን ከመጀመርዎ በፊት የቀዳዳዎቹን ብዛትና ስፋት ይንገሯቸው፤ ሰባት ባለ 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ማለት ሲለቁ በስቱኮ ተደፍኖ በአንድ እጅ ቀለም የሚሸፈን ነገር ነው። ዘንግ ልስኑን ከሸረፈው የሚደርሰው ጉዳት ከዚህ ይበልጣል፤ አንዳንድ አከራዮች ይህን ሲሰሙ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ። የማይለውጡ ከሆነ፣ በክፍሉ መሐል ከወለል እስከ ኮርኒሱ ሞራሌ የሚደርስ አንድ ቋሚ እንጨት ከሥሩና ከራሱ የጎማ ቁራጭ ተደርጎለት በሽብልቅ አጥብቀው ማቆም ይችላሉ፤ ከዚያ 3 ሜትሩ ለሁለት ስለሚከፈል በየወገኑ 1 ሜትር ተኩል የሆነ ዘንግ በእንጨቱና በግድግዳው መካከል ይገባል። ሁለቱ ዘንጎች በእንጨቱ ላይ በትክክል ፊት ለፊት መሆን አለባቸው፤ አንዱ ከሌላው ከፍ ካለ እንጨቱን ያጣምሙታል። ያንን እንጨት ደግሞ ልብስ መስቀያ አያድርጉት፤ ሁሉም ሰው ያደርገዋል፣ በሁለተኛው ወር ነው የሚጠሩኝ።